ጎንበስ ስል የሚጠፋብኝ ብርሃን

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ የጨለመብኝ ክፍል ውስጥ፣ የወደቀ ጠመኔ ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ነው። ቦንጋ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት። ሁሉ ነገር ግራጫ ሆነና ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ጥቂት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ የልጆቹ ፊት ቀስ እያለ ተመለሰልኝ።

ራስ ምታቱ ከጀመረኝ ግን ወራት አልፈዋል። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ይብሳል፤ ሳስል ጭንቅላቴ የሚፈነዳ ይመስለኛል። ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ ከልብ ምቴ እኩል የሚሄድ፣ እንደ ንፋስ ያለ ሹሹታ ነበር። ማስታገሻ እየዋጥኩ ከረምኩ። እናቴ ገበያ ውስጥ ካላት የጨርቅ ሱቅ ስትመለስ ግንባሬን ትዳስስና፣ "ድካም ነው፤ ምግብ ቀንሰሽብኛል" ትለኛለች።

አልቀነስኩም። በሁለት ዓመት ውስጥ በጣም ወፍሬ ነበር። እናቴ ግን ውፍረቴን ስታይ የምታስታውሰው ሌላ ነገር ነው። በሦስት ዓመቴ ኩፍኝ ይዞኝ አጥንቴ እስኪቆጠር ከስቼ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ እሷ ገንፎ በማንኪያ ጫፍ እያቀመሰች ከሞት መልሳኛለች። ስለዚህ ጎረቤት "ልጅሽ ደልቷታል" ሲላት ፊቷ ይበራ ነበር።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት መስመር ሁለት ሆኖ ታየኝ። ያን ዕለት እናቴን ይዤ እዚያው ቦንጋ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሄድኩ። ባለሙያው ጠብታ አድርጎ ብሌኔ እስኪሰፋ አስጠበቀኝ፤ ከዚያ መብራቱን አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"መነጽር አይደለም የሚያስፈልግሽ" አለኝ። "ከዓይንሽ በስተጀርባ ያለው ነርቭ አብጧል፤ ሁለቱም። ዛሬውኑ ወደ ጅማ እጽፍልሻለሁ። አትቆዪ።"

በሚኒባሱ እናቴ እጄን አልለቀቀችም። ጅማ ጭንቅላቴን በማሽን አነሱኝ፤ ዕጢም የረጋ ደምም የለም ተባለ። ቀጥሎ በጎኔ አስተኝተው፣ ጉልበቴን ወደ ሆዴ አሳጥፈው፣ ከወገቤ በመርፌ ፈሳሽ ቀዱ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መርፌው ላይ የተገጠመው ቀጭን መለኪያ ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ ከሚገባው ከፍታ በላይ ወጣ። እንደ ውሃ የጠራ ነበር።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችን። አንጎልን የሚከብበው ፈሳሽ ግፊቱ ጨምሯል፤ ያ ግፊት የዓይኔን ነርቭ እየተጫነው ነው፤ ዝም ከተባለ ዓይን እስከመጨረሻው ሊጠፋ ይችላል። "ለምን እንደሚመጣ በትክክል አይታወቅም" አለች። "ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ክብደት የጨመሩ ወጣት ሴቶችን ነው። መድኃኒት እሰጥሻለሁ፤ ዋናው ነገር ግን ክብደት መቀነስ ነው።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "እንግዲያው እኔ ነኝ ያሳወርኳት።"

"አይደለም እናቴ" አለች ሐኪሟ። "ማንም አላደረገውም። አልታወረችምም። አሁን እርስዎ ይርዷት።"

እኔ ገንፎውን እያሰብኩ ነበር። የእናቴን እጅ ስቤ ጉንጬ ላይ አደረግኩት።

መድኃኒቱ ጣቶቼን እንደ ጉንዳን ይነዝረኛል፤ ለስላሳ መጠጥ ስጠጣ ደግሞ ጣዕሙ ይበላሽብኛል፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ቤታችን ውስጥ ቅቤው በማንኪያ መለካት ጀመረ፤ ማሩ ከጠረጴዛ ተነሣ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሳህኔን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ልጄን እያስራብኳት ነው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትዬ ገብቼ አቀፍኳት። "እማ፣ ያኔ ያዳንሽኝ በማብላት ነው። አሁን ደግሞ በዚህ ነው።"

በማግስቱ ከሥራ በፊት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዳገቱን አብረን ወጣን። መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ ሁሉ ያዘግምና "እትዬ፣ ላድርሳችሁ?" ይላል። እሷ እያለከለከች፣ "ሂድ ልጄ፣ እኛ ሐኪም አዞን ነው" ትላለች። ጉልበቷን ያማት ነበር። አንድም ቀን አልቀረችም።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በስምንተኛው ወር ጅማ ለክትትል ስንሄድ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሼ ነበር። ሹሹታው ጠፍቷል። ሐኪሟ ዓይኔን አይታ እብጠቱ መውረዱን ነገረችን፤ በግራ ዓይኔ ጥግ በኩል እይታዬ የጠፋባት ትንሽ ቦታ ግን አትመለስም አለች። ስንወጣ እናቴ በግራዬ በኩል ዞራ ክንዴን ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ስንሄድ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነች።