ሁለት ሰከንድ የተሰጣት ፎቶ

እናትና አባቴ የተጋቡበትን አርባኛ ዓመት እናክብር ያልኩት እኔ ነኝ። መካነ ሰላም ከተማ ኮምፒውተር አስተምር ስለነበር ቀኑን በፎቶ ላሳምረው ብዬ ተነሳሁ። ከየዘመዱ ግድግዳ ያወረድኳቸውን ፎቶዎች በስካነር አስገብቼ፣ ከየሥራቸው አጭር ጽሑፍ አኖርኩ፤ ለእያንዳንዳቸውም አራት ሰከንድ ሰጠሁ። አንዱ ደብዘዝ እያለ ሲጠፋ ሌላው ከውስጡ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ሌላ ጌጥ አልፈለግሁም፤ የሚሽከረከር ፎቶ ያስጠላኛል።

ለሙከራ ለእናቴ አሳየኋት። ማንበብ ስለማትችል ጽሑፉን እኔ አነብላታለሁ። እሷ በሕይወት ያለውን ሰላም ትላለች፣ የሞተውን «ነፍስ ይማር» ትላለች። ሳትጨርስ ያልፍባታል።

«ሰዉን ምነው እንዲህ ታባርረዋለህ?» አለችኝ።

ለሁሉም ስምንት ሰከንድ አደረግሁ።

አክስቴ ብቅ ስትል ግን እናቴ «ነፍስ» ብላ ጀምራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ታናሽ እህቴን ያሳደገቻት እሷ ነበረች። ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እህቴ ግን ጅዳ ስለነበረች አልተረዳችም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትደውል «ገበያ ወጥታለች» እንላት ነበር፤ ሐሙስ አገሯ ስትገባ ደግሞ «ጠበል ሄዳለች» አልናት። ሽማግሌዎች ሰኞ ማለዳ ሊያረዷት ተቀጣጥረዋል። የእሑዱ በዓል በደስታ ይለፍ ተባለ።

ፎቶውን ባወጣው እህቴ ትጠይቃለች። ባቆየው ደግሞ አንዱ ዘመድ የለመደው «ነፍስ ይማር» ያመልጠዋል። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ሰጠኋት፤ ከሥሯም «አክስታችን» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። በብልሃቴ ኮራሁ። ጅል ነበርኩ።

እሑድ ከሰዓት መስኮቶቹን በጋቢ ጋርደን በነጭ አንሶላ ላይ በፕሮጀክተር አበራሁት። ቤቱ ውኃ ውስጥ ያለ መሰለ። የሌሉት ካሉት መሀል መጥተው የተቀመጡ ይመስለኝ ጀመር። አባቴ በሙሽርነቱ በበቅሎ ሲታይ እልል ተባለ፤ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው አንሶላውን እጅ ነሱ። ከዚያ አክስቴ መጣች። ፈገግታዋ በቅጡ ሳይጠራ ደበዘዘች። ማንም አልተነፈሰም። እፎይ አልኩ።

እህቴ ተነሳች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሁሉንም ስታቆያቸው እሷን ለምን አስቸኮልካት?»

ጎንበስ ብዬ የኮምፒውተሩን ገመድ መነካካት ጀመርኩ።

«መልሳት።»

ወደ ኋላ መለስኩ። ፎቶው ሁለት ሰከንዱን ቆጥሮ እንደገና ሄደ። ዳግመኛ መልሼ ማቆሚያውን ተጫንኩ። አክስቴ አሁን ቆመች። እህቴ ስትጠጋ ጥላዋ ፎቶው ላይ አረፈ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ «መቼ ነው?» አለች። 

«ነፍሷን ይማር» አለች እናቴ። ቤት ሙሉ ሰው ያፈነውን ቃል ተቀብሎ ተነፈሰ። እህቴ ጉንጯን አንሶላው ላይ አስጠግታ አለቀሰች። እኔም አክስቴን ከቀበርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩላት።