ለጊዜው

ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መስኮት ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ተማሪዎቹ «ቁጡዋ» ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም።

አንድ ቀን ሴሚስተሩ ሳይጋመስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ድምፅዋ ከመስኮቱ አያልፍም ነበርና በልቤ «ሹክሹክታ» አልኳት።

«እናቴ ታማለች። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም፤ መሄዴ ነው።»

«ዝም ብለሽ ከሄድሽማ ጠፋች ተብለሽ ትሰረዣለሽ። ፎርም ሙዪ።»

ሞልታ መለሰችው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ትምህርቴን ትቻለሁ» ብላ ጽፋለች። ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

«ትቻለሁ ያለ ሰው በምን አፉ ቦታዬን መልሱልኝ ይላል? ‹ለጊዜው አቋርጫለሁ› በይ! የእናትሽን የሐኪም ማስረጃ አያይዢ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይፈርምልሽ፤ የቤተ መጻሕፍቱንና የመኝታ ክፍሉን ንብረት አስረክበሽ ነይ።»

እንባዋ መጣ፤ እኔ ግን አላባበልኳት። እኔም ተማሪ ሳለሁ፣ በሁለተኛ ዓመቴ፣ አባቴን ላስታምም ዝም ብዬ ስሄድ የቆጣኝ ሰው አልነበረም። ስመለስ ስሜ ተሰርዞ፣ ኮርሶቼ ሁሉ ወድቀው ጠበቁኝ። ይኼው፣ ከመስኮቱ ወዲህ የቀረሁት ለዚያ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ፎርም ሞልታ፣ ፊርማዎቹን ሰብስባ መጣች። ማኅተም አደረግሁበትና ቅጂውን ሰጠኋት።

«ይህችን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂያት። የጀመርሽው ሴሚስተር ‹አቋርጣለች› ይባላል እንጂ አይወድቅብሽም። የዛሬ ዓመት የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ ቀኑ ሳያልፍ ነይ። አንድ ቀን ካለፈ እኔም አላውቅሽም። በርቺ፣ ቀን እስኪያልፍ ያለፋል።»

ዓመቱ ዞረ። ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ብቅ አለች። ከስታለች፤ ጥቁር ለብሳለች። አልጠየቅኋትም። ቅጂዋ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም። ማመልከቻዋን ተቀብዬ ለኮሚቴው አሳለፍኩት።

በሳምንቱ ተፈቀደላት። ያው የመታወቂያ ቁጥር፣ ያው ሦስተኛ ዓመት፣ የድሮ ውጤቷም እንዳለ። ደስ አለኝ። እሷ ግን ግቢውን ዞር ብላ አየች። አብረዋት የጀመሩት አራተኛ ዓመት ገብተው ለተግባር ልምምድ ወጥተዋል። ከኋላዋ የተሰለፉት አዲሶቹ የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ አንዳቸውም አያውቋትም።

የመመዝገቢያ ቅጹን ሰጠኋት። ከመስኮቱ ዘወር ሳትል እዚያው ሞላችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። «የቅርብ ተጠሪ» ይላል። ባለፈው የእናቷ ስም ነበር።

«ባዶ ልተወው?»

«ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አይቀበለውም» አልኩ፤ አባባሌ ለራሴም ቀፈፈኝ።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ባስተማርኳት ቃል፣ በጥንቃቄ ጽፋ ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር አሾለከችልኝ።

«ለጊዜው የለም።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ፎርም ቀድጃለሁ፤ ያንን ለመቅደድ ግን እጄ እምቢ አለ።