ሥጋው እስኪያርፍ

ከጊዮርጊስ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስቴክ የሚጠብስ ሰው ቢፈለግ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሥጋ ያሞቃል። መጥበሻዬን ሳነሳ በሬው በሕይወት ቢኖር ራሱ «ለአንተማ ይሁን» ብሎ ይተኛልኝ ነበር። የዚያን ማክሰኞ የመጀመሪያውን ስቴክ ያበላሸሁት ይህንኑ ለአስተናጋጇ ሳወራ ነው።

ስቴኩ የታዘዘው ደግሞ ለተራ ደንበኛ አልነበረም። ለምግብ ቤታችን ሥጋ የሚያቀርቡት ባለ ልኳንዳ ሽማግሌ፣ «ሽንጥህን ፒያሳ ወስደው ይገድሉታል» የሚል ወሬ ደርሷቸው ሊያጣሩ መጥተው ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ ማዕድ ቤት ብቅ አሉ።

«ሰውዬው ሽንጡን ከከለከሉን ስቴክ ከሜኑ ይወጣል። አንተም ወደ ሽሮህ።»

ሽሮ ክፉ ነገር አይደለም። ግን በሽሮ ማን ጉራ ይነዛል?

ሥጋውን ከፍሪጅ አውጥቼ፣ እንደቀዘቀዘና እንደረጠበ፣ ገና ለብ ያለ መጥበሻ ላይ ጣልኩት። መጮህ ሲገባው ዝም አለ። ውኃ አወጣ፣ በገዛ ውኃው ተቀቀለ፣ አመድ መሰለ። እሱንም ሳላሳርፍ በትኩሱ ላኩት። ሽማግሌው ቢላ ሲያስገቡበት ቀይ ጭማቂ ሳህኑን አጥለቀለቀው።

«ጥሬ ከሆነ ጥሬ ነው በሉኝና አዋዜ ይምጣልኝ!» ሲሉ እማዕድ ቤት ድረስ ተሰማ። «ብስል ከሆነ ደግሞ ለምን ያለቅሳል?»

እትዬ ማኪያቶ አዘው በወሬ ያዟቸው። እኔ ሁለተኛውን ቁራጭ አውጥቼ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠበቅሁ። በጨርቅ አደረቅሁት፤ ጨው ነሰነስኩበት። መጥበሻችን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ጥቁር ብረት ነው፤ ክብደቱ ጥጃ ያህላል። ለመሞቅ ይለግማል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ሥጋ ቢያርፍበትም በቀላሉ አይበርድም። ውኃ ጠብ ሳደርግበት ጠብታዋ እንደ ብይ ተንከባለለች። ዘይት ስቀባው ስስ ጭስ አነሳ። ያኔ ሥጋውን አስተኛሁት። ጩኸቱ የስድስት ኪሎ ተማሪዎችን ከክፍል ሳያስወጣ አልቀረም።

ሽማግሌው ጩኸቱን ተከትለው በሩ ላይ ቆሙ።

«አገላብጠው እንጂ! ያርርብሃል!»

«ብረቱን ራሱ ሲለቅ ነው ጋሼ። አሁን ብነካው ቆዳው ይላጣል።»

ሁለት ጣት ውፍረት ስለነበረው በየጎኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ሰጠሁት። ስገለብጠው ፊቱ የተቆላ ቡና መስሏል። መጨረሻ ላይ ቅቤና የጥብስ ቅጠል ጨምሬ፣ የቀለጠውን በማንኪያ እየቀዳሁ አፈሰስኩበት፤ ከዚያ በጣቴ ጫን አደረግሁት።

«ሳትቆርጠው መብሰሉን በምን ታውቃለህ?»

እጄን ዘረጋሁላቸው። አውራ ጣት ከሌባ ጣት ሲገጥም ከሥሩ ያለው የመዳፍ ሥጋ ልል ነው፤ ይህ ለብለብ ነው። ከመሃል ጣት ሲገጥም ትንሽ ይጠነክራል፤ መሃሉ ቀይ፣ ዳሩ ብስል፣ የኔ ስቴክ ይኸ ነው። ከትንሿ ጣት ሲገጥም ግን ጫማ ሆኗል። ሽማግሌውም የራሳቸውን መዳፍ ሞከሩት። ዕድሜ ልክ ቢላ የያዘ እጅ ስለሆነ በሁሉም ጣት ጫማ ነው።

ስቴኩን አውጥቼ ሞቅ ባለ ሳህን ላይ አስቀመጥኩና በፎይል ለቀቅ አድርጌ ሸፈንኩት።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ይረፍ ጋሼ። ትንሽ ደቂቃ።»

«የደከመው ማነው፣ በሬው ነው ወይስ አንተ?»

«ጭማቂው ነው። አሁን ከተቆረጠ ያለቅሳል። ካረፈ እዚያው ይቀራል።»

ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። እትዬም መጥተው ከኋላቸው ቆሙ። ፎይሉን ስገልጥ ሽማግሌው ቢላውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ቆረጡት። መሃሉ እኩል ቀይ፣ ሳህኑ ደረቅ ማለት ይቻላል። ትልቁን ቁራጭ በጣታቸው አንስተው ወደ አፌ ዘረጉ።

«መጀመሪያ ጠባሹ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ጾም ነው።»

«በማክሰኞ? ለባለ ልኳንዳ የጾም ቀን ይነገረዋል? ክፈት!»

ጉርሻ አይመለስም። ሽሮው ትዝ አለኝ፤ አፌን ከፈትኩ። ሳላኝክ ዋጥኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አየሽ» አሏቸው እትዬን። «የኔ ሽንጥ ሰው ያስለቅሳል።» የቀረውን ብቻቸውን ጨረሱት። ሽንጡም እስከ ዛሬ እየመጣ ነው።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ጣዕሙ አልነበረም። ጣዕሙን አላውቀውም። መሃሉ ቀይ የሆነ ሥጋ ያቅለሸልሸኛል፤ ከዚያች ጉርሻ በፊትም ሆነ በኋላ አፌ ገብቶ አያውቅም። በጣት መለካት የተማርኩትም ቀምሼ ማወቅ ስለማልችል ነው። የራሴን ምሳ የምጠብሰው በትንሿ ጣት ነው፤ ጫማ እስኪሆን።