ረጅሙን የመረጠች ልብስ ሰፊ

ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰሌዳ ላይ ከፍ አድርጌ ልጻፍ ካልኩ በእግር ጣቴ መቆም አለብኝ። ተማሪዎቼ ግን ኮሪደር ላይ «ጋሽ ረጅሙ መጣ!» ሲባባሉ እሰማለሁ። ሽሙጥ መስሎኝ ንቄ ትቼው ነበር፤ እንዲያውም «ቁመት ቢያጥረኝ እውቀት አላጠረኝም» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

የምኮራው በመለማመጃ ጥያቄዎቼ ነው። የማስተምርበትን ስላይድ ከፍቼ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጎድል ገልብጬ ትክክለኛ መልስ አደርገዋለሁ። የቀሩትን ሦስት የተሳሳቱ ምርጫዎች ደግሞ አፌ ላይ እንደመጣልኝ እሞላለሁ። ከሃያ ጥያቄ የክፍሉ አማካይ ውጤት አስራ ሰባት ነበር። ጎበዝ መምህር ነኝ ማለት ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱሪ ላሳጥር ታላቅ እህቴ ሱቅ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት። የሴልን ትምህርት ጨርሼ ያዘጋጀሁትን ፈተና መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ ስኩራራ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እስቲ ልሞክረው» አለች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ባዮሎጂ ነው።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብላ የልብስ ጠመኔዋን አነሳች። ሱሪዬን ለክታ ሳትጨርስ ሃያውንም አክብባ ሰጠችኝ። አረምኩት። አስራ ስድስት! ላብ አጠመቀኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«አንተው ነህ። ይቺን እያት» አለችና አንዷን ጥያቄ በጠመኔዋ ነካች። ቀይ የደም ሴል በጣም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ሀ. ያብጣል። ለ. ይሞቃል። ሐ. ውሃ ከሴሉ ውስጥ፣ የጨው ክምችት ወደሚበዛበት ወደ ውጭ፣ በስስ ሽፋኑ በኩል ስለሚወጣ ሴሉ ይኮማተራል። መ. ምንም አይሆንም። «ሦስቱ እጀ ጉርድ፣ አንዱ ካፖርት! እኔ የመረጥኩት ረጅሙን ነው።»

ያን ጊዜ ነው «ጋሽ ረጅሙ» የገባኝ። ለካ ልጆቹ ስለ ቁመቴ አንድም ቀን አላወሩም። ይሄ ሁሉ ዓመት ያሾፉብኝ በፈተናዬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የድሮ የመልመጃ ደብተሮችን ከመደርደሪያ አወረድኩና ልጆቹ በጽሑፍ ሲመልሱ የት እንደሚሳሳቱ ለቀምኩ። አንዱ «ጨው ስለሚገባ ያብጣል» ይላል። ሌላው መኮማተሩን አውቆ ምክንያቱን ሲስት «ጨው ስለሚወጣ ነው» ብሏል። ወርቅ አገኘሁ! ጥያቄውን እንደ አዲስ ጻፍኩት፦ ውሃ ስለሚወጣ ይኮማተራል፤ ጨው ስለሚወጣ ይኮማተራል፤ ውሃ ስለሚገባ ያብጣል፤ ጨው ስለሚገባ ያብጣል። አራቱም እኩል ቁመት፣ አራቱም አንድ ዓይነት አሰፋፍ። የመልሶቹን ቦታም በዕጣ ደለደልኩ፤ ሐን ያለልክ እወዳት ነበርና። አዲሱን ፈተና ለእህቴ ወሰድኩላት፤ ከሃያው ጥያቄ አምስት ብቻ አገኘች።

«ይሄኛው የክፋት ነው» አለች። ደስ አለኝ።

ክፍል ስገባ እንደ ጀግና ነበር የምራመደው። ወረቀቱን ሳድል ጉርምርምታው ተነሳ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዘጠነኛው ሁለት መልስ አለው።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? በእፅዋት ሴል ውስጥ ለሴሉ ኃይል የሚሰጠው ኤቲፒ የሚመረተው የት ነው? ሚቶኮንድሪያ! አለቀ።»

«ክሎሮፕላስትም ምርጫው ውስጥ አለ። በብርሃን ኤቲፒ ይሠራል። ስላይድ ሠላሳ አንድ ላይ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል።»

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሠላሳ አንደኛው ስላይድ ላይ፣ በገዛ እጄ፣ በደማቅ ፊደል ተጽፏል። ስህተቱን እውነት አስመስላለሁ ብዬ እውነቱን ስህተት አድርጌው ቁጭ! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም መሬቱ አልውጥህ ሲለኝ አብሬ ሳቅሁ። ዘጠነኛውን ለሁሉም ሰረዝኩት።

በቀሩት አስራ ዘጠኝ ጥያቄዎች የክፍሉ አማካይ ስምንት ሆነ። አስራ ሰባቱ የት ገባ? መጀመሪያውኑ አልነበረም። ግማሹ ክፍል «ጨው ስለሚገባ ያብጣል» የሚለውን መርጧል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገባቸው መስሎኝ ያለፍኩት ስላይድ ነው። በማግስቱ የተላጠ ድንች ቆራርጬ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ሲልፈሰፈስ በእጃቸው እያስነካሁ እንደገና አስተማርኩት።

አሁን ጥያቄ ሳዘጋጅ ለልጆቹ ከማደሌ በፊት ከጎኔ ለሚያስተምረው የኬሚስትሪ መምህር አሳየዋለሁ፤ እሱም የእሱን ያሳየኛል። ባለፈው ሳምንት ከእሱ ፈተና ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ አገኘሁበት። እንዴት ደስ እንዳለኝ መናገር ያሳፍራል።