ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሰፊና በኦክላንዱ ቢሮአችን የኢሜይል መዝጊያ ቃላት ዳኛ ነበረች። «ለማታውቃት ደንበኛ ‹በፍቅር› ትላለህ? ልታገባት ነው?» እያለች ታላግጥብን ነበር።

አንድ ቀን አባቷ ከሳሞአ መንደራቸው በገዛ ቋንቋቸው ጻፉላት፦ «እናትሽ ልትሞት ነው፤ ድረሺ። በፍቅር፣ አባትሽ።»

ስብሰባ ላይ ሆና በእንግሊዝኛ መለሰች፦ «ደርሶኛል። ፈቃድ ጠይቄ አሳውቃለሁ።» ኮምፒውተሩ ለደንበኛ ሁሉ የሚለጥፈው መዝጊያም ሳታጠፋው አብሮ ሄደ፦ «ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ ሰፊና ሌኦታ፣ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ።» እስቲ አሁን ይሄ ለአባት ይላካል?

ሰኞ ከአባቷ መልስ መጣ። እሳቸውም በእንግሊዝኛ ነበር የጻፉት።

«ክብርት ኃላፊ፦ እናትዎ ቅዳሜ ተቀብረዋል። ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ ሌኦታ፣ የመንደሩ አለቃ።»