ከእናትየው ጣቶች ሥር ያለው እጥፋት

ቦሌ ሚካኤል ፎቶ ቤት ስሠራ፣ አንድ ተመራቂ ከፌስታል ያወጣውን ጋዋን ሳያስተኩስ ከእናቱ ጋር ፎቶ ተነሳ። እኔ ብሆን ጋዋኑ ዝርግ ቆርቆሮ እስኪመስል ኮምፒውተር ላይ አለሰልሰው ነበር። ፎቶ የምታስተካክለው ባልደረባዬ ግን ፌስታል ውስጥ የተጣጠፈበትን መስመር ብቻ፣ ከጎኑ ካለው ልሙጥ ጨርቅ ክሎን በሚባለው የኮምፒውተር መቅጃ እየቀዳች፣ ጥላው እንዳይዛባ በስሱ ሸፈነችው። ወገቡ ላይ ያበጠውን ጨርቅ ቅርጽ በሚለውጠው ዋርፕ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። የክርኑን እጥፋት አልነካችም፤ ክንዱ ታጥፏላ!

እናቱ ትከሻውን የያዙበት ቦታ ተጨማዷል። "ይሄንስ አታጠፊውም?" አልኳት ተነጫንጬ።

አጥፍታ አሳየችኝ። የእናትየው እጅ አየር ላይ የተንሳፈፈ መሰለ። እጥፋቱን ወደ ነበረበት መለሰችው።

እናትየው ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ ጣታቸውን እዚያው እጥፋት ላይ አሳረፉ።

"ጥብቅ አድርጌ ይዤው ነበር" አሉ።