ከ«ሆራ ቡላ» በኋላ የቀረችኝ ቃል

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሮቤ ላይ ልጄን ስድር ንግግሬን አፌ ላይ የቆረጠውን መድረክ መሪ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም የምለው ባለቤቴ «ተወው» ስለምትለኝ ነው።

ንግግሩ መጀመሪያ ረጅም ነበር። ዘር ማንዘር ቆጥሬ፣ ስለ ትዳር መክሬ፣ ጥቅስም ጨምሬበት ነበር። ባለቤቴ ጓሮ ቁጭ ብላ አዳመጠችኝና «የራበው ሰው ፊት ስብከት አያምርም፣ ቁረጠው» አለችኝ። እያመመኝ ቆረጥኩት። ኩራቴ፣ ምርቃቴና ስንብቴ ብቻ ቀሩ። ስንብቱን መጨረሻ ያደረግኩት ከእሱ በኋላ ድምፄ እንደማይወጣ ስለማውቅ ነው።

ልጄ ደግሞ ቀደም ብላ «አባዬ፣ ‹ሰጠናችሁ› እንዳትል። ዕቃ አይደለሁም» ብላኛለች።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አንተ ታውቃለህ።»

በሠርጉ ቀን የወንድ ወገን ተናጋሪ ጥብሱ እስኪቀዘቅዝ አወራ። ማንም «ይብቃዎት» አላለውም። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን መድረክ መሪው ማይኩን እያቀበለኝ «አባታችን፣ በአጭሩ!» አለኝ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በኩራቱ ጀመርኩ። ልጄ ደሎ መና ጤና ጣቢያ ስትሠራ፣ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶብስ መጥታ አቧራዋን ሳታራግፍ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» ትለኝ እንደነበር ተናገርኩ። ሌላ ሙገሳ አልጨመርኩም። ከዚያ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብዬ መረቅኩ፤ አዳራሹ «አሜን» አለ። አማቾቼ የአጋርፋ ኦሮሞዎች ናቸውና በቋንቋቸውም «ሆራ ቡላ» አልኩ። ተባዙ፣ በሰላም ኑሩ ማለቴ ነው። «አሜን» ሲባል ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው።

በእኛ አገር «ሆራ ቡላ» የንግግር መዝጊያም ነው። መድረክ መሪው ጨረሰ ብሎ ማይኩን ቀማኝ። ወዲያው ሙዚቃው ተለቀቀ፣ ሚዜዎቹም ለጭፈራ ተነሡ። ልጁን ሳይሰናበት በምርቃት ብቻ የሚያበቃ አባት የት አይቷል? ዋናዋን ቃሌን፣ ስንብቴን፣ ሳልናገር እንደ ሐውልት ተገተርኩ። ልጄ ያለዚያች ቃል ልትሄድብኝ ነው!

«አጥፉት!»

ልጄ ነበረች። ቬሎዋን ሰብስባ ቆማለች። «አባቴ ገና አልጨረሰም» አለች።

ሙዚቃው ጠፋ። መድረክ መሪው ማይኩን ቢመልስልኝም አልተቀበልኩትም፤ ለምን ብዬ!

«ልጄ፣ አልሰጠሁሽም። ራስሽ መርጠሽ ሄድሽ፣ እኔ መረቅኩሽ። ሂጂ። ስትመጪ ግን በር እንዳታንኳኪ፤ ቤትሽ ነው።»

መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ያን ጊዜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፣ አዳራሹም ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ያ መድረክ መሪ ልቅሶዬን የሚሸፍን ሙዚቃ ማስከፈት የነበረበት ያኔ ነበር። እሱ ግን እጁን አጣምሮ ቆመ። ታዲያ ሰው እንዴት አይናደድ?